አሥራ አራቱ ወሮች የት ገቡ?

መነሻ ጥያቄ

ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ያስተማሩኝ፣ ዛሬ በአንድ ግቢ የምንኖር የጡረተኛዋ መምህርቴ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ድሮም ዛሬም የምጠራቸው መምህሬ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት የጡረታ አበላቸው የተወሰነበት ደብዳቤ ደረሳቸው። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲቀበል ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ብሩ ላይ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ውጤት ሲደምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ከላይ ጀመሩ። የአገልግሎት ዘመን የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። 37 ዓመት ከ7 ወር ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና እንደገና አነበቡት። ከዚያ ፖስታውን ገልብጠው በቀይ እስክሪብቶ ደመሩ። ክፍል የገቡት ጥቅምት 1 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ የወጡት ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.። እስከ መስከረም 2017 መጨረሻ ልክ 38 ዓመት፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ደግሞ 9 ወር። የጎደለው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበትና ፖስታውን ዘረጉልኝ፤ ድሮ የተሳሳተ የቤት ሥራዬን እንደሚመልሱልኝ አድርገው።

ሥራ ለቀው አያውቁም። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደው አያውቁም። ሦስት ጊዜ ተዛውረዋል፤ በ1983፣ በ1990 እና በ1997 ዓ.ም.። እነዚህ አሥራ አራት ወሮች የት ሊገቡ ይችላሉ? የት ሄደን ምን ብለን እንጠይቅ?

ይህን ጥያቄ በኢንተርኔት መወያያ ላይ ለጠፍኩት፤ ሰዎችም በየተራ መለሱልኝ። መምህሬ በስልክ ማንበብ ዓይናቸውን ስለሚያደክማቸው ምላሾቹን ማታ ማታ ቡና ላይ እነግራቸው ነበር። ከዚህ በታች ያለው እንደነገርኳቸው እንጂ ቃል በቃል የተገለበጠ አይደለም።

ምላሽ 1

በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ ግማሹን ለሰላምታና ለመምህራን ምርቃት አዋለው። ከዚያ ያመጣው ሐሳብ ጳጉሜን ነበር። በእሱ ግምት ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አምስት አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን ሲጣል ሁለት መቶ ቀን ገደማ ይሆናል። ያ ግማሹን ያህል ጉድለት ያስረዳል ብሎ ቀሪውን ለሌሎች ተወ። መምህሬ ይህን ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ለጳጉሜን ደመወዝ ተከፍሏቸው እንደማያውቅ፣ አሁን ደግሞ ጳጉሜን ዕዳ ሆና መምጣቷ እንደገረማቸው ተናገሩ።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ሰው ትዕግሥት የለውም። ዓመት የሚቆጠረው ከጥቅምት እስከ ጥቅምት ስለሆነ ጳጉሜን በውስጡ እንዳለች፣ በሐበሻም ሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱ ያው ዓመት እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፈ። አንደኛው ሰው የሒሳብ ትምህርቱን ከመምህርቷ ጋር ቢከልስ እንደማይከፋም አከለበት። ልክ ነው፤ ግን የመጨረሻዋ መስመር አያስፈልግም ነበር።

ምላሽ 3

ይህ ሰው ጥያቄውን ሳያነብ የመለሰ ይመስለኛል። መምህሬን የግል ትምህርት ቤት መምህርት አደረጋቸው። እሱ ራሱ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲጠይቅ የተቆጠረለት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ብቻ ሆነበት። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የወጣው በዚያ ዓመት ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረው አገልግሎቱ በፕሮቪደንት ፈንድ ተከፍሎት አልቋል። ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ ገንዘቡን ያኔ ቤት ለማደስ እንዳጠፋውም አልደበቀም። ለእኛ ጥያቄ ግን አይሆንም፤ መምህሬ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥተው አያውቁም።

ምላሽ 4

አራተኛዋ የውይይቱን ክር መንገድ የቀየሩት ናቸው። አንድ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሴት ናቸው፤ ስም ስላልሰጡ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ እላቸዋለሁ። ምንም አላብራሩም፤ ጠየቁ እንጂ። አሥራ አራት ማለት ምንም እንደማይነግራቸው፣ የትኞቹ ወሮች እንደሆኑ ካላወቅን ማንም መልስ ሊሰጠን እንደማይችል ገለጹ። ደብዳቤውን ወደሰጠው ቅርንጫፍ ሄደን አገልግሎቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ተብሎ እንደተደመረ እንድናይ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት ካልተፈቀደ በእጅ እንድንገለብጥ አዘዙን። ማዘዝ ያልኩት አውቄ ነው።

ምላሽ 5

ይህ የራሴ ነው። በማግስቱ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት መጀመሪያ ፊቱን ቢያጠቁርም መምህሬ ምን ክፍል ድረስ እንደተማረ ሲጠይቁት ለስለስ አለ፤ ማኅደሩንም አመጣ። መምህሬ ቆመው በደብተር ገለበጡት። አራት መስመር ነው። የመጀመሪያው ከሰኔ 1 ቀን 1979 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1983። ሁለተኛው ከመስከረም 1 ቀን 1984 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1990። ሦስተኛው ከመስከረም 1 ቀን 1991 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1997። አራተኛው ከመስከረም 1 ቀን 1998 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017። ይህን እንዳለ ለጠፍኩት።

ምላሽ 6

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ምሽቱን ተመለሱ። አራቱን መስመር እንዳዩ በሽታው ሁለት መሆኑን ነገሩን።

አንደኛው የክረምቱ ነው። በእያንዳንዱ ዝውውር ሐምሌና ነሐሴ የሉም፤ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ስድስት ወር። መምህር የሚዛወረው ትምህርት ሲዘጋ ነው። የቀድሞው መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ ሲጽፍ ትምህርት ያበቃበትን ሰኔ 30 ያሰፍራል፤ አዲሱ ደግሞ መምህሩ ቀርቦ ሥራ ጀመርኩ ያለበትን መስከረም 1። ሁለቱም ጸሐፊዎች አልዋሹም። የመምህር ደመወዝ ግን ክረምቱንም ይከፈላል፤ እነዚያን ሁለት ወሮች አንደኛው ከፍሏል፣ ብዙ ጊዜም የቀድሞው ነው። ስለዚህ መፈለግ ያለበት የአገልግሎት ማስረጃው ሳይሆን የመልቀቂያ ደብዳቤው ነው። እዚያ ላይ ደመወዝ እስከ መቼ ድረስ እንደተከፈለ የምትገልጽ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚከፍል የሚያውቀው በእሷ ነው። እስከ ነሐሴ 30 ተከፍሏታል የሚል ከተገኘ ክፍተቱ ተዘጋ ማለት ነው።

ሁለተኛው በሽታ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ጥቅምት ክፍል ገብተው ሰኔ ላይ ተቀጠሩ የሚል ማኅደር ስምንት ወር ይበላል። ይህኛው ይከብዳል አሉ፤ ሁለት ነገር ሊሆን ስለሚችል። ወይ መምህሬ መጀመሪያ በጊዜያዊነት ሠርተው ኋላ ቋሚ ሆነዋል፤ እንዲያ ከሆነ ስምንቱ ወሮች በሕጉ ለጡረታ የሚታሰቡ አይደሉም። ወይ ከመጀመሪያው ቋሚ ሆነው ደብዳቤው ዘግይቶ ተጽፏል፤ እንዲያ ከሆነ ይቆጠራሉ። የሚለየውም አንድ ነገር ነው፦ የዚያን ዓመት ፔሮል።

መምህሬ ይህን ሲሰሙ ሁለተኛውን ሲኒ ሳይጠጡ ተነሡ። ሌሊት ሣጥን ሲጎተት ሰማሁ።

ምላሽ 7፣ 8 እና 9

እዚህ ጋ ጠብ ተነሣ። ሰባተኛው ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ማኅደሩን ያላየ ሠራተኛ ጥፋቱ የራሱ ነው ብሎ ጀመረና መምህራን ማማረር እንጂ ወረቀት መያዝ አይወዱም እስከማለት ደረሰ። ስምንተኛው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። በትሕትና ጀምረው በቁጣ ጨረሱ። በእሳቸው ዘመን ማኅደር የሚባለው ነገር ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ የነበረ እንደሆነ፣ ልየው ያለ መምህር ምን ሊደብቅ ነው ተብሎ ይጠረጠር እንደነበር አስታወሱ። ከትምህርት ቤቱ እስከ አውራጃው ከተማ በእግር ስድስት ሰዓት የሄዱት ደመወዝ ሊቀበሉ እንጂ ፋይል ሊያገላብጡ እንዳልነበረም ጻፉ። ሰባተኛው በዘጠነኛው ምላሽ ይቅርታ ያለ መስሎ ዛሬ ግን ሠራተኛ ማኅደሩን የማየትና ኮፒ የመውሰድ መብት እንዳለው አስታወሰ። ይህ እውነት ነው። ሳይጮህ ቢናገረው ኖሮ ከሁሉ የሚጠቅም ምክር ይሆን ነበር።

ምላሽ 10፣ 11 እና 12

ከቨርጂንያ የጻፈ ሰው ወሬውን ወደ አሜሪካ ወሰደው። እዚያ የእያንዳንዱ ዓመት ገቢ በስም ተመዝግቦ በኢንተርኔት እንደሚታይ፣ አበሉም ከፍተኛ ገቢ ከተገኘባቸው 35 ዓመታት እንደሚሰላ በኩራት ዘረዘረ። ሌላ ሰው አሜሪካን ማን ጠየቀ ብሎ ቆረጠው። የቨርጂንያው ሰው ግን አልተቆጣም፤ ይልቅ የራሱን ጉዳት አወጣ። መጀመሪያ የሠራበት የመኪና ማቆሚያ የሁለት ዓመት ገቢውን ሳያስመዘግብለት ቀርቶ እሱ ያወቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። እዚያ ደግሞ ማረሚያ የሚጠየቀው ገቢው የተገኘበት ዓመት ካለቀ በኋላ ባለው ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሩ የሚከፈተው ለጥቂት ምክንያቶች ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው መምህሬ ለሰውየው አዘኑለት። እዚያም ሰው ይጠፋል ማለት ነው ብለው ጥቂት ዝም አሉ።

ምላሽ 13

ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት የሚብስበት ጊዜ አለ። ይህ ሰው የሕግ ተማሪ መሆኑን አስቀድሞ፣ መዋጮ ያልተከፈለበት ወር አገልግሎት አይባልምና ሌላ ሥራ ፈልጉ ብሎ ዘጋው። ያን ቀን ምላሹን ለመምህሬ አልነገርኳቸውም።

ምላሽ 14

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መለሱለት። መዋጮ ማስፈለጉን አልካዱም። ነገር ግን ከደመወዝ ቆርጦ የማስገባት ግዴታ የአሠሪው እንጂ የመምህሯ አለመሆኑን፣ ዛሬ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ የሆነው መዋጮ በዚያ ዘመን 4 እና 6 በመቶ እንደነበር አስታወሱት። ከዚያ ለእኔ ዞረው የምንፈልገውን በትክክል ነገሩኝ። የ1979 ፔሮል ከተገኘ ስማቸው ያለበትን መስመር ብቻ እንዳላይ፣ የጡረታ ዓምዱን እንዳይ። ጊዜያዊ ሠራተኛ ጡረታ አይቆረጥበትም። በጥር ወይም በየካቲት ወር ፔሮል ላይ 4 በመቶ ተቆርጦባቸው ከተገኘ ሰኔ ላይ የተጻፈው የቅጥር ደብዳቤ ዘግይቶ የመጣ ወረቀት ነው እንጂ የሥራቸው መጀመሪያ አይደለም።

ሌላም አከሉ። ፔሮል ትምህርት ጽሕፈት ቤት አይገኝም፤ ሰው ሁሉ እዚያ ሄዶ የለም ተብሎ ይመለሳል። የገንዘብ ሰነድ ያለው ፋይናንስ ዘንድ ነው፤ አውራጃ ቀርቶ ዞንና ወረዳ ሲመጣም የተከፋፈለው በዚያ በኩል ነው።

ምላሽ 15፣ 16 እና 17

አሥራ አምስተኛው ይህ ሁሉ ድካም ለስንት ብር ነው ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም በሆዴ ስጠይቀው ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ አንድ ሰው አሰላው። የመንግሥት ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 ነው። 37 ዓመት 63.75 በመቶ ያመጣል፣ 38 ዓመት ደግሞ 65። የመምህሬ አማካይ 12,000 ብር ስለሆነ አንዱ ሙሉ ዓመት በወር 150 ብር ነው። ቀሪዎቹን ሁለት ወሮች አልነካም፤ እነሱን አስቀድሞ ያለው ሰባት ወር ላይ ሲጨመሩ ምን እንደሚሆኑ ሌላ ክርክር ነው ብሎ ተዋቸው። ጣሪያውን ያነሣበት ምክንያት ግን ነበረው። ጣሪያው የሚሞላው በ42 ዓመት ስለሆነ ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ወር ቢጠፋበት አበሉ ላይ ለውጥ ላያይ ይችላል፤ መምህሬ ግን ገና ከሥሩ ናቸው።

አሥራ ሰባተኛው መቶ ሃምሳ ብር ዛሬ ምን ይገዛል ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ። መምህሬ አልሳቁም። መቶ ሃምሳው በወር ነው፤ በወር ሲሆን በዓመት አንድ ሺህ ስምንት መቶ ነው፤ እኔ ደግሞ ነገ የምሞት አይደለሁም አሉ። ቀጥለውም ነገሩ ብሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ በዚያ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ክፍል ሰማንያ ሁለት ልጅ እንዳስተማሩና እነዚያን ልጆች ማንም አላስተማራቸውም ሊባል እንደማይችል ተናገሩ።

ምላሽ 18

የልደት ዘመናቸውን አስተካክለው ዕድሜያቸውን ቢቀንሱ ዓመቱ ይሞላል የሚል ምክር። ማንም አላየውም፤ እኔም ባላነሣው በወደድኩ። ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተሞላው ዕድሜ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ማስረጃ አይቀይረውም።

ምላሽ 19

የእኔ። ሣጥኑ ከአልጋ ሥር ወጣ። የቆርቆሮ ነው፤ በጎኑ ላይ የተለጠፈችው የሎሚ ከረሜላ ወረቀት የእኔ የተማሪነት ሥራ ሳትሆን አትቀርም። ውስጡ የመጀመሪያው ዓመት የስም መጥሪያ ደብተር ተገኘ፤ ጥቅምት 1979 ተብሎ ጀምሯል፣ የቀረ ተማሪ በቀይ ነጥብ ተይዟል። የ1990 የመልቀቂያ ደብዳቤም አለ፤ ማኅተሙ ወደ ሐምራዊ ሸሽቷል፣ ግን ደመወዝ እስከ ነሐሴ 30 መከፈሉን ይናገራል። የ1997ቱም እንዲሁ። የ1983ቱ የለም።

ምላሽ 20

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ በሁለቱ ደብዳቤዎች ደስ አላቸው፤ አራት ወር ተመለሰ አሉ። የስም መጥሪያውን ግን እንደ ማስረጃ አልተቀበሉትም። መምህሩ ራሱ የሚሞላው ስለሆነ የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁመናል እንጂ አይመሰክርልንም። ማመልከቻውን ሁሉም እስኪሟላ ሳንጠብቅ ውሳኔውን ለሰጠው ቅርንጫፍ አሁኑኑ እንድናስገባ፣ ቀኑ የተጻፈበት የመዝገብ ቤት ማኅተም በራሳችን ኮፒ ላይ እንዲደረግልን መከሩ። አልቀበልም ከተባለ የሚኬደው ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው፤ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ቀድሞ የሄደ ጊዜውን ያጠፋል አሉ። የይግባኝ ጊዜው የሚታሰበው ደብዳቤው ከደረሰን ቀን ጀምሮ ስለሆነ ያቺን ቀይ ድምር ያለባትን ፖስታ እንዳንጥል አሳሰቡ።

ምላሽ 21

ከሰሜን በኩል የጻፈች መምህርት ናት። በጦርነቱ ጊዜ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ስለቆዩባቸው ወሮች ጠየቀች። ፔሮል ያልተሠራበት ወር ነገ ጡረታ ስትወጣ ምን ሊባል ነው? አራት መስመር ብቻ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮም የሕግ ተማሪውም አልመለሱላትም። ክሩ አልፏት ሄደ።

ምላሽ 22

የመምህሬ የእህት ልጅ የሚኖረው ወሎ፣ ድሮ የአውራጃ ከተማ በነበረችው ከተማ ነው። ሁለት ሳምንት ተመላለሰ። የፋይናንስ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ የ1979 ፔሮሎች በሲባጎ ታስረው መሬት ላይ ተደርድረዋል፣ የታችኞቹን ምስጥ በልቷቸዋል። የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ወሮች ዱቄት ሆነዋል። የጥር ግን ጠርዙ ብቻ ነው የተበላው። የላከልኝን ፎቶ ለመምህሬ አሳየኋቸው። ካርቦን ወረቀት የተደረገበት ሁለተኛው ቅጂ ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ፣ ፊደሉ የደበዘዘ። ተራ ቁጥር 31። ደመወዝ 230 ብር። በጡረታው ዓምድ 9 ብር ከ20 ሳንቲም። በስተቀኝ የእሳቸው ፊርማ፤ ያኔ ረጅም ጭራ ነበረው።

መምህሬ ስልኩን አቅርበው አርቀው አዩት። 230 በ4 ሲባዛ፣ ለመቶ ሲካፈል ብለው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ጻፉና አመኑ።

ምላሽ 23

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የተቆረጠበትን ወር ከሁሉ በላይ ወደዱት፤ ጥር ማለት ከሰኔ አምስት ወር በፊት ነው። ዓይናቸው ግን ሌላም አየ። በጥር ወር ፔሮል የአባታቸው ስም በዐይኑ ዐ ተጽፏል፤ በማኅደሩ በአልፋው አ። እኛ ስናነበው አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ሲፈልገው ሁለት ሰው ነው። የአያት ስምም የለም። ፔሮሉን ብቻ ይዘን ብንሄድ ይቺ ማን ናት እንደምንባል፣ የሰነዱ ባለቤት የሆነው ጽሕፈት ቤት ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ገልጾ ኮፒውን በሸኚ ደብዳቤ እንዲልክ ማድረግ እንዳለብን አስጠነቀቁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወሮች በጥር ወር ፔሮል ብቻ ይመለሱ እንደሆነ ስጠይቃቸው ቃል አልገቡም። የሚወስነው ሰው ላይ ነው አሉ።

ምላሽ 24 እና 25

የ1983ቱ ክረምት ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ተመልሰው ያን ጊዜ አስታወሱ። ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ፤ በእሳቸው አካባቢ የሐምሌና የነሐሴ ደመወዝ በወቅቱ አልተከፈለም፣ ኅዳር ላይ በውዝፍ መጣ። ስለዚህ በክረምቱ ፔሮል ብንፈልግ አናገኘውም፤ መፈለግ ያለብን የኅዳር 1984 የውዝፍ ክፍያ ነው። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ሰባተኛው ሰው፣ ያ ቁጡው፣ ምስክር ቆጥሮ ቃለ መሐላ ማቅረብ ይሻላል ሲል ሁለቱ እንደገና ተናከሱ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሰነድ ሊገኝ እያለ በምስክር የመጣ ጉዳይ ሲጓተት እንጂ ሲያልቅ አላየሁም ብለው ከሽማግሌው ጎን ቆሙ። የእህት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። እስከዚያ አሥር ወሩን ይዘን ማመልከቻው ሐሙስ ገብቷል፤ ስምንቱ ከፔሮሉ፣ አራቱ ከደብዳቤዎቹ ነው ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ጠዋት ሳነብላቸው መምህሬ አቋረጡኝ። ስምንትና አራት አሥራ ሁለት ነው። አርሜዋለሁ።

ምላሽ 26

ትናንት ማታ የገባ ነው። ምላሽ 13 ላይ ሌላ ሥራ ፈልጉ ያለን የሕግ ተማሪ ነው፤ ይቅርታ አልጠየቀም። የአባቱን ደብዳቤ ፎቶ ለጠፈ። አባቱ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዝርዝሩ ላይ አንደኛው መስመር ሰኔ 30 ቀን 1989 ላይ አልቋል፣ ቀጣዩ መስከረም 1 ቀን 1990 ላይ ይጀምራል። ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ።

እስካሁን አልመለስኩለትም። መምህሬ መጀመሪያ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ላየው ብለዋል።